ወጣት ተከላካይን በጨዋታ ዳታ ደግፎ ለክለብ ዳይሬክተር ደብዳቤ መጻፍ፦ ከመልማይ ለመልማይ

ከዓመታት በፊት ስለ አንድ የቀኝ መስመር ተከላካይ ለአንድ ክለብ ስፖርት ዳይሬክተር ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ልጁ በጨዋታ በአማካይ አምስት ጊዜ ኳስ ይነጥቅ ነበር፤ ካየኋቸው የመስመር ተከላካዮች ሁሉ የሚበልጠው አልነበረም። ቁጥሩን አድምቄ ጽፌ ከሥሩም አሰመርኩበት። ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ካነበቡ በኋላ ደውለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ስንት ጊዜ ታለፈ?»

አላውቅም ነበር። ቆጥሬ እመለሳለሁ አልኳቸው። ቪዲዮውን እንደገና ከፍቼ ስቆጥር፣ ልጁ ያን ያህል ኳስ የሚነጥቀው ተጋጣሚዎች ሆን ብለው በእሱ በኩል ስለሚያጠቁ መሆኑን አየሁ። የነጠቀውን ያህል ታልፏል። የልጁ ጉዳይ እዚያው ላይ ቆመ፤ እኔም ከዚያ በኋላ የምልከው ቁጥር ሁሉ እንደገና ሳይመረመር እንዲታመን ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

ለአጥቂ የሚጻፍ ደብዳቤ ቀለል ይላል፤ ጎሉ ራሱ ይናገራል። ተከላካይ ሥራውን በደንብ በሠራ ቁጥር ግን ምንም ነገር ሳይከሰት ይቀራል፤ ያልተከሰተን ነገር ደግሞ ማንም አይመዘግብም። ስለዚህ ወጣት ተከላካይን በዳታ የሚደግፍ ደብዳቤ የራሱ አሠራር አለው። እኔ የምከተለውን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ነገሩ እንዲጨበጥ ለማሳያ ባዘጋጀሁት አንድ ልጅ ላይ እየሠራን እንሄዳለን፦ 19 ዓመቱ ነው፣ የመሐል ተከላካይ፣ ቀኝ እግረኛ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ84፣ በሰንጠረዡ ግርጌ አካባቢ ባለ ቡድን ውስጥ 4 ቁጥር ለብሶ ይጫወታል። «4 ቁጥሩ» እያልን እንጠራዋለን።

1. የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ጻፉ

ዳይሬክተሩ ከእናንተ የሚፈልጉት ልጁ ጎበዝ መሆኑን ብቻ አይደለም። ምን እንዲያደርጉ እንደምትመክሩ፣ እስከ መቼ እንዲያደርጉት፣ ልጁስ በማን ቦታ እንደሚገባ ነው። እዚህ ላይ ያሉት ምርጫዎች ብዙ አይደሉም፦ ይፈርም፣ ለሙከራ ይጠራ፣ በውሰት ይምጣ፣ ወይም ሌላ መልማይ ሄዶ ይየው። አንዱን ምረጡና በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። መምረጥ ካቃታችሁ ደብዳቤው ገና አልደረሰም፤ ተመልሳችሁ ጨዋታ እዩ።

ለ4 ቁጥሩ የእኔ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ሁለተኛ መልማይ በሁለት ጨዋታ እንዲያየው፣ የአየር ኳስ ድክመቱ የሚታረም መሆኑ ከተረጋገጠም በሚቀጥለው የዝውውር መስኮት አራተኛ የመሐል ተከላካይ ሆኖ እንዲፈርም እመክራለሁ።» ከዚህ በኋላ የምሰበስበው ቁጥር ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ወይ ያጠናክረዋል ወይ ያፈርሰዋል። ሁለቱንም የማያደርግ ቁጥር ደብዳቤው ውስጥ አይገባም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የልደት ቀኑን እዚሁ ላይ አረጋግጡ። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነና ከሌላ አገር የሚመጣ ከሆነ፣ የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ይከለክላል። ዕድሜው ካለፈም በኋላ ላሳደጉት ክለቦች የሥልጠና ካሳ ሊከፈል ይችላል። ዳይሬክተሩ ይህን ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእናንተ ደብዳቤ ቢያነቡት ይሻላል።

2. ደቂቃውን ቁጠሩ፣ በጨዋታ ብዛት አትተማመኑ

«17 ጨዋታ ተጫውቷል» የሚለው አነጋገር ብዙ ነገር ይደብቃል። ሰባቱን ጨዋታ በ80ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ድርጊት በተጫወተው ደቂቃ አካፍላችሁ በ90 አባዙት። 4 ቁጥሩ 1,530 ደቂቃ ተጫውቷል፤ ይህ ልክ 17 ሙሉ ጨዋታ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የነጠቃቸውና መንገድ ላይ ያቋረጣቸው ኳሶች ሲደመሩ 119 ናቸው። ስለዚህ በ90 ደቂቃ 7 ይደርሳል።

ከዚህ ጋር የምትጽፉት ሌላው ቁጥር ስንቱን ጨዋታ ራሳችሁ እንዳያችሁ ነው። እኔ አምስቱን ሜዳ ተገኝቼ፣ ዘጠኙን በቪዲዮ አይቻለሁ እላለሁ። የቀሩት ሦስቱ በዳታ ብቻ የማውቃቸው ናቸው፤ ያንንም እጽፋለሁ። በተለይ ከሜዳው ውጪ የተጫወተውንና ቡድኑ የተሸነፈበትን ጨዋታ ማየታችሁን ግለጹ። አብዛኛው ወጣት ተከላካይ በደጋፊው ፊት እየመራ ሲጫወት ደህና ይመስላል።

ዳታው ከሁለት ምንጭ ከመጣ አትቀላቅሉት። ኦፕታ «ታክል» የሚለው ተጫዋቹ ኳሱን ያገኘበትን ሙከራ ነው፤ ሳያገኘው የታለፈበት በሌላ ስም ይመዘገባል። ዋይስካውት ደግሞ የመከላከል ፍልሚያዎችን ከነተሸነፈባቸው በአንድ ላይ ይቆጥራል። ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልጁ በአንድ ሳምንት የተሻሻለ ወይም የወደቀ ሊመስል ይችላል። ምንጩን ስሙን ጠርታችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። በሊጉ ዳታ የሚሰበስብ ድርጅት ከሌለ ራሳችሁ ከቪዲዮ ቁጠሩ፤ «በእጅ የተቆጠረ» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም።

3. ከእያንዳንዱ መቶኛ ሥር ያለውን ብዛት አውጡ

ደብዳቤዎች የሚበላሹት በብዛት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ተጋጣሚ ኳስ ይዞ 4 ቁጥሩን ለማለፍ 38 ጊዜ ሞክሯል። ዘጠኝ ጊዜ ታልፏል፣ 29 ጊዜ አላሳለፈም። ይህ 76 በመቶ ነው። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ግን 38 ሙከራ ትንሽ ነው። አንድ ሁለት ኳስ በዕድል ወደዚህ ወይም ወደዚያ ቢነጥር መቶኛው ይቀየራል። ምን ያህል ሊቀየር እንደሚችል በግርድፉ ለማወቅ የምጠቀምበት ቀላል ዘዴ አለ፦ 100ን ለሙከራው ብዛት ስኩዌር ሩት ማካፈል። የ38 ስኩዌር ሩት 6.2 አካባቢ ነው፤ 100 ለ6.2 ሲካፈል 16 ይመጣል። እንግዲህ የልጁ እውነተኛ አቅም ከ60 እስከ 92 በመቶ ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሙከራው 25 ብቻ ቢሆን ልዩነቱ ወደ 20 ይሰፋል፤ 100 ቢሆን ወደ 10 ይጠብባል፤ 400 ቢደርስ 5 ይሆናል።

ይህን ስሌት ደብዳቤው ውስጥ መዘርዘር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው «76 በመቶ» ብሎ ብቻውን አለማቆም ነው። «ከ38 ሙከራ 29» ብላችሁ ጻፉ። ያነበበው ሰው ብዛቱን አይቶ ምን ያህል መተማመን እንዳለበት ራሱ ይመዝናል። ሌላው ጥቅሙ ለእናንተ ነው፤ አንዱ ልጅ 76፣ ሌላው 71 በመቶ ስላለው ብቻ የመጀመሪያው ይበልጣል ብላችሁ እንዳትጽፉ ይጠብቃችኋል። በዚህ ብዛት አምስት ነጥብ ምንም አይለይም።

ቀጥሎ የአየር ኳስ። 4 ቁጥሩ ለ81 የአየር ኳስ ተሻምቶ 50 አሸንፏል፤ 62 በመቶ። ለመሐል ተከላካይ ክፉ አይደለም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን በማን ላይ እንዳሸነፈ ለይቼ ስቆጥር ሌላ ሥዕል ወጣ። ከ81ዱ 19ኙ ረጅምና ጠንካራ አጥቂ ካላቸው ሁለት ቡድኖች ጋር የተደረጉ ናቸው፤ እዚያ ያሸነፈው አምስቱን ብቻ ነው። በቀሩት 62 ላይ 45 አሸንፏል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲደመሩ ደህና የሚመስል አማካይ ይሰጣሉ፤ ለብቻ ሲቀመጡ ግን ልጁ የት እንደሚቸገር በግልጽ ያሳያሉ። ዳይሬክተሩ የሚገዙት አማካይ ቁጥሩን አይደለም። ልጁን ነው የሚገዙት፤ ያ ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ከረጅም አጥቂ ጋር ይገጥማል።

የትኛውን ቁጥር እንደምትከፋፍሉ እንዴት ታውቃላችሁ? ሜዳ ላይ ስታዩት ዓይናችሁን የቆረቆራችሁን ነገር ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የአየር ኳሱን የለየሁት በአንዱ ጨዋታ ላይ አጥቂው ሆን ብሎ እየተሳበ ወደ እሱ ሲሄድ አይቼ ነው።

በተቃራኒው ሙሉ በሙሉ የጣልኩት ቁጥር አለ፦ 88 በመቶ የኳስ ቅብብል ስኬት። የመሐል ተከላካይ አጠገቡ ላለው ጓደኛው ኳስ ሲያቀብል ማን ይሳሳታል? ያ ቁጥር የሚያሳየው ቡድኑ ኋላ ላይ ምን ያህል እንደሚቀባበል ነው። መታየት የነበረበት አጥቂ እየተጫነው ወደ ፊት የሚያቀብለው ኳስ ነበር፤ ቡድኑ ጫና ሲመጣ ኳሱን በረጅሙ ስለሚመታ የሚቆጠር በቂ አጋጣሚ አላገኘሁም። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ «ይህን ልለካ አልቻልኩም» ብዬ እጽፋለሁ።

4. ቡድኑ ኳስ ስለማይዝ የበዛውን ቀንሱ

የ4 ቁጥሩ ቡድን በአማካይ ኳስ የሚይዘው 41 በመቶ ነው። ተጋጣሚ 59 በመቶ ኳስ ሲይዝ ተከላካዩ የሚነጥቀውም የሚያቋርጠውም ነገር ይበዛለታል። በ90 ደቂቃ 7 የሚለው ቁጥር ከፊሉ የልጁ፣ ከፊሉ የቡድኑ ድክመት ነው። ለማመጣጠን ቀላሉ መንገድ ሁለቱ ቡድኖች ኳሱን እኩል ቢይዙ ኖሮ ስንት ይሆን ነበር ብሎ ማስላት ነው። በኤክሴል እንዲህ ይሠራል፤ B2 የድርጊቱ ብዛት፣ C2 ደቂቃው፣ D2 የመጀመሪያው ስሌት ውጤት፣ E2 ያለ % ምልክት የተጻፈ የተጋጣሚ የኳስ ቁጥጥር መቶኛ ነው።

```
=B2/C2*90
=D2*50/E2
```

7 በ50 ተባዝቶ ለ59 ሲካፈል 5.9 ይመጣል። ይህ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ ማነጻጸሪያ ይፈልጋል። ለማነጻጸር ከሁሉ የሚታመነው አጠገቡ የሚጫወተው የመሐል ተከላካይ ነው፤ ሁለቱም አንድ ቡድን፣ አንድ ተጋጣሚ፣ አንድ አሰላለፍ አላቸው። ልምድ ያለው ጓደኛው በዚሁ ስሌት 5.3 አለው። ስለዚህ ልጁ ከበሰለው ጓደኛው አያንስም ማለት እችላለሁ፤ ይበልጣል ለማለት ግን አልደፍርም።

ከዚህ ስሌት የሚወጣ ለዳይሬክተሩ በጣም የሚጠቅም ነገር አለ። ተቀባዩ ክለብ በአማካይ 55 በመቶ ኳስ የሚይዝ ከሆነ ተጋጣሚው 45 በመቶ ይይዛል። 5.9ን በዚያ መጠን ስትቀንሱት 5.3 ይሆናል። ልጁ ከመጣ በኋላ ቁጥሩ ከ7 ወደ 5 አካባቢ ሲወርድ «ወረደ» እንዳይባል አስቀድማችሁ ጻፉት። ወጣት ተጫዋች ላይ ከመፈረሙ በፊት ያልተነገረ ነገር ከፈረመ በኋላ ጥፋት ሆኖ ይቆጠርበታል።

የስሌቱን ገደብም እወቁ። ወደ ኋላ ተሰብስቦ የሚከላከል ቡድን ውስጥ ያለ ተከላካይ ከኋላው ብዙ ሜዳ የለም። መስመሩን ወደ ላይ ገፍቶ በሚጫወት ቡድን ውስጥ ግን ከኋላው 40 ሜትር ባዶ ሜዳ ይኖራል። ያንን የትኛውም ማመጣጠኛ አይሞላውም። እኔ ያደረግሁት በቪዲዮ ባየኋቸው ዘጠኝ ጨዋታዎች ላይ ከአጥቂ ጋር ወደ ራሱ ጎል ፊቱን አዙሮ የተሯሯጠበትን አጋጣሚ ብቻ መቁጠር ነው። 11 ጊዜ ሆነ፤ ስምንት ጊዜ ወይ ኳሱን አግኝቷል ወይ አጥቂውን ወደ ጎን አውጥቶታል። 11 ጥቂት ነው፤ ግን ዳይሬክተሩ የሚጠይቁትን ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳል።

5. ያልተመዘገበውን በቪዲዮ አሳዩ

በ2001 ማንችስተር ዩናይትድ ያፕ ስታምን ለላዚዮ ሸጠ። ተከላካዩ 29 ዓመቱ ነበር። ለሽያጩ ምክንያት ከሚባሉት ነገሮች አንዱ የታክል ቁጥሩ መቀነሱ ነው፤ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በበኩላቸው ከጉዳት በኋላ ስለነበረው ሁኔታና ስለቀረበላቸው ገንዘብ ተናግረዋል። ሽያጩ ስህተት እንደነበር ግን ራሳቸው አምነዋል። ስታም ከዚያ በኋላ በጣሊያን ለዓመታት በከፍተኛ ደረጃ ተጫውቶ፣ በ2005 ከኤሲ ሚላን ጋር የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ ተሰልፏል። የታክል ቁጥር መቀነስ ብቻውን ተከላካዩ ደከመም፣ ቦታ አያያዙ ተሻሻለም አይልም። የሚለየው ዓይን ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዋና ቁጥር ሁለት ክሊፕ፣ አንድ ጥሩና አንድ መጥፎ፣ አያይዙ። ከዚያ ላይ ምንም ቁጥር የሌለው አንድ ክሊፕ ጨምሩ። የ4 ቁጥሩ እንዲህ ያለ ነው፦ 67ኛው ደቂቃ ነው፣ ቡድኑ 1 ለ 0 እየመራ ነው። የተጋጣሚ አማካይ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ተቀብሎ ዞረ። 4 ቁጥሩ ኳሱ አማካዩ ጋር ከመድረሱ በፊት ሁለት ጊዜ በትከሻው በኩል ወደ ኋላ አይቷል። የግራ ጓደኛው አጥቂ ተከትሎ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ከጀርባው ክፍተት አለ። ልጁ አማካዩ ራሱን ቀና ከማድረጉ በፊት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ወርዶ ሰውነቱን ወደ ክፍተቱ ከፍቷል። ሁለተኛው አጥቂ ሩጫ ጀመረ። አማካዩ እግሩን አነሳ፣ አየ፣ ተወውና ኳሱን ወደ ኋላ መለሰ። ያ አጋጣሚ በዳታው ላይ የተመዘገበው ለአማካዩ አንድ የተሳካ የኋላ ቅብብል ተብሎ ነው፤ የ4 ቁጥሩ ስም የለበትም።

ክሊፑን ስትቆርጡ ኳሱ ከመምጣቱ አሥር ሰከንድ አስቀድማችሁ ጀምሩ። ከነጠቃው ቅጽበት የሚጀምር ክሊፕ ለተከላካይ ከንቱ ነው፤ ቀድሞ የት እንደቆመ አይታይም። የተጫዋቹን ፊት ብቻ የሚያሳይ ቀረጻም አትላኩ፤ መላው የተከላካይ መስመር የሚታይበትን ሰፊ ቀረጻ ፈልጉ።

6. ድክመቱን ራሳችሁ ቀድማችሁ ጻፉ

ድክመት የሌለበት ደብዳቤ የሚነበበው የወኪል ማስታወቂያ ሆኖ ነው። ድክመቱን ስትጽፉ ሦስት ነገር ይኑረው፦ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚመጣ፣ ሊታረም ይችል እንደሆነ።

የ4 ቁጥሩ በረጅም አጥቂ ላይ መሸነፍ ከቁመቱ ብቻ የመጣ መስሎኝ ነበር። 14ቱን የተሸነፈባቸውን ኳሶች አንድ በአንድ ሳይ ግን አብዛኛው ላይ ከአጥቂው ጋር ተጣብቆ፣ በቆመበት ነው የሚዘለው። አጥቂው ክንዱን ዘርግቶ ርቀቱን ይይዝበትና እሱ ሲዘል ኳሱ አልፏል። ባሸነፋቸው አምስቱ ላይ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቆሞ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ተንደርድሮ ነው የዘለለው። ይህ ልምምድ የሚያርመው ነገር ነው። ቁመቱ ግን በ19 ዓመቱ ከዚህ ብዙም አይጨምርም፤ ያንንም በግልጽ እጽፋለሁ። ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥ አሠልጣኙ ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ ዳይሬክተሩም ምን እንዳለ እንደሚቀበሉ ይነግራቸዋል።

የሰማችሁትን የጤና ወሬ አትጻፉ። ጉዳት ካለበት ያ የሕክምና ምርመራ ሥራ ነው። ስለ ጠባዩም ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ ጎል ሲቆጠርበት ምን እንዳደረገ፣ ሲቀየር እንዴት እንደወጣ። ልጁን ወይም ወኪሉን የምታውቁበት መንገድ ካለ፣ ዝምድናም ቢሆን፣ አንድ መስመር ይበቃል፤ ያቺ መስመር ካልተጻፈች ግን በኋላ ሙሉውን ደብዳቤ ትጥለዋለች።

7. ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ እንዲህ ይመጣል፦

> ቀን፦ …
>
> ለ… እግር ኳስ ክለብ ስፖርት ዳይሬክተር
>
> ጉዳዩ፦ ስለ አንድ የ19 ዓመት የመሐል ተከላካይ የቀረበ የድጋፍ ደብዳቤ
>
> የ… ቡድን 4 ቁጥር የሆነው … ሁለተኛ መልማይ በሁለት ጨዋታ እንዲያየው፣ የአየር ኳስ ድክመቱ የሚታረም መሆኑ ከተረጋገጠም በሚቀጥለው የዝውውር መስኮት አራተኛ የመሐል ተከላካይ ሆኖ እንዲፈርም እመክራለሁ። ውሉ የሚያበቃው … ነው።
>
> ተጫዋቹ በዚህ የውድድር ዓመት 1,530 ደቂቃ ተጫውቷል። አምስት ጨዋታውን ሜዳ ተገኝቼ፣ ዘጠኙን በቪዲዮ አይቻለሁ፤ ሦስቱን የማውቀው በዳታ ብቻ ነው። የዳታው ምንጭ … ሲሆን፣ «በእጅ የተቆጠረ» ያልኩትን ራሴ ቆጥሬዋለሁ።
>
> የምደግፍበት ዋናው ምክንያት አንድ ለአንድ ሲገጥም ራሱን አለመጣሉ ነው። ሊያልፉት ከሞከሩ 38 ጊዜ 29ኙን አላሳለፈም። በቪዲዮ ባየኋቸው ዘጠኝ ጨዋታዎች ወደ ራሱ ጎል ዞሮ ከአጥቂ ጋር የተሯሯጠው 11 ጊዜ ሲሆን ስምንቱን ተቋቁሟል (በእጅ የተቆጠረ)። ክለባችን መስመሩን ወደ ላይ ገፍቶ ስለሚጫወት ይህን ለይቼ ተመልክቻለሁ።
>
> የነጠቃቸውና ያቋረጣቸው ኳሶች በ90 ደቂቃ 7 ናቸው። ቡድኑ ኳስ የሚይዘው 41 በመቶ ስለሆነ፣ ሲመጣጠን 5.9 ይሆናል፤ አጠገቡ የሚጫወተው ልምድ ያለው ተከላካይ 5.3 አለው። በእኛ አጨዋወት ቁጥሩ ወደ 5 አካባቢ እንደሚወርድ እጠብቃለሁ፤ ይህ የአቅም መውረድ ተደርጎ እንዳይታይ።
>
> ድክመቱ ከረጅም አጥቂ ጋር የሚሻማው የአየር ኳስ ነው። በሁለት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ከ19 አምስት ብቻ አሸንፏል፤ በሌሎቹ ከ62 45 አሸንፏል። አብዛኛውን የሚሸነፈው ከአጥቂው ተጣብቆ በቆመበት ስለሚዘል ነው፤ ይህ በልምምድ ይታረማል ብዬ አምናለሁ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ84 ነው፤ ይህ አይለወጥም። በጫና ሥር ወደ ፊት የሚያቀብለውን ኳስ በበቂ ሁኔታ ልለካ አልቻልኩም።
>
> ሁለተኛው መልማይ እነዚህን ሁለት ነገሮች እንዲያይ እጠይቃለሁ። ሰባት ክሊፖች ተያይዘዋል፤ ሰባተኛውን፣ የ67ኛው ደቂቃውን፣ ራስዎ እንዲያዩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> ከተጫዋቹም ሆነ ከወኪሉ ጋር የግል ግንኙነት የለኝም።
>
> ከሠላምታ ጋር
> …

ልብ በሉ፣ ደብዳቤው ውስጥ «ድንቅ»፣ «የነገ ኮከብ» የሚል ቃል የለም። ልጁን የምወደው ከሆነ ያ ፍቅር የሚታየው 14 የተሸነፈባቸውን ኳሶች አንድ በአንድ ቁጭ ብዬ በማየቴ ነው። ከሌላ ታዋቂ ተከላካይ ጋርም አላመሳሰልኩትም። ዳይሬክተሩ ያንን ስም ካነበቡ በኋላ ክሊፑን ሲያዩ የሚፈልጉት ያንን ተጫዋች ይሆናል፤ ልጁም ራሱን ሆኖ ሳይታይ ይቀራል።

8. ከላካችሁት በኋላ

ክሊፖቹን ቀንን፣ ተጋጣሚንና ደቂቃን በያዘ ስም አስቀምጡ፤ ዳይሬክተሩ ክሊፑን ወደ አሠልጣኙ ሲያሳልፉ ያለ ደብዳቤውም ግልጽ እንዲሆን። የቆጠራችሁበትን ሠንጠረዥ አትላኩ፤ ግን «29 ያልከው የትኞቹ ናቸው?» ቢባል በአምስት ደቂቃ ውስጥ የምታወጡት ይሁን። እኔ ከእያንዳንዱ ድርጊት ጎን የጨዋታውን ቀንና ደቂቃ እጽፋለሁ።

ለሁለተኛው መልማይ ደብዳቤያችሁን አስቀድማችሁ አትስጡት። የትኞቹን ሁለት ጨዋታ እንደሚያይና ምን እንደሚቆጥር ብቻ ንገሩት፦ የአየር ኳስ ከማን ጋር፣ ቆሞ ነው ወይስ ተንደርድሮ የዘለለው፣ አጥቂ ሲጫነውስ ኳሱ ወዴት ሄደ። የእናንተን 5 ከ19 አስቀድሞ ካየ እሱንኑ ሲፈልግ ይውላል። ሪፖርቱ ሲመጣ የእናንተን ቁጥር አትቀይሩ፤ የእሱን ከሥር ጨምሩበትና ሁለቱንም ከነቀናቸው ለዳይሬክተሩ ላኩ። ልጁ በእነዚያ ሁለት ጨዋታዎች ከረጅም አጥቂ ጋር ለ12 ኳስ ተሻምቶ ሁለት ብቻ ካሸነፈ፣ ምክራችሁን «በውሰት ይምጣ» ወደሚለው አውርዳችሁ በአዲስ ቀን ጻፉ። ሰባት ካሸነፈና የዘለለውም ተንደርድሮ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይቆያል።